መድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ እንዴት እናስረዳ? ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባቲ ሰኞ ገበያ በሚቆምበት ቀን መድኃኒት ቤት የገባ ሰው በአንድ መስኮት አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማል። ከሚሴ ላይ ደግሞ ይህ የየቀኑ ነገር ነው። ካርቶኑ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ባለሙያው ፖስታው ላይ በአማርኛ ይጽፋል። ከዚያ ጎረቤት ወይም ልጅ ለታማሚው በቋንቋው ይነግረዋል። መልእክቱ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ይለውጣል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ በብዛት የሚጠፋው የመድኃኒቱ ስም አይደለም። ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች የሚያተኩሩት «መቼ» የሚለው ላይ ነው። የተጻፉት ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለዘመድ ለሚያስተረጉሙ ሰዎች ነው። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ግን ያዘዘው ባለሙያ ብቻ ነው።

«በቀን ሁለት ጊዜ» ብሎ መተርጎም አይበቃም ወይ?

አይበቃም። «ቀን» ስንል 24 ሰዓቱንም ነው፣ ፀሐይ ያለችበትንም ሰዓት ነው። ኦሮምኛው «ጉያ»ም እንደዚሁ በሁለቱም መንገድ ይሰማል። ስለዚህ «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለ ሰው ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ላይ ሊውጥ ይችላል። እሱ በሰማው መሠረት ምንም አላጠፋም። ከ10 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ግን ሰውነቱ 14 እና 15 ሰዓት ያለ መድኃኒት ያድራል። እንደ አሞክሲሲሊን ያለ በየ8 ሰዓቱ መወሰድ ያለበት አንቲባዮቲክ ሲሆን ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

ፖስታ ላይ የሚጻፈው «1×3»ም አይረዳም። እኛ «አንድ ፍሬ ሦስት ጊዜ» ብለን እናነበዋለን። ፊደል የቆጠረ ታማሚ ግን ገልብጦ «ሦስት ፍሬ አንድ ጊዜ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። የማባዣ ምልክቷ የትኛው ቁጥር ፍሬ፣ የትኛው ጊዜ እንደሆነ አትናገርም።

የሚሻለው ሰዓቶቹን አንድ በአንድ መጥራት ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት አንድ ፍሬ። ከቀኑ 8 ሰዓት አንድ ፍሬ። ማታ ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት አንድ ፍሬ።» ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ግን ወደ ኦሮምኛም ወደ አፋርኛም ሲዞር የሚምታታ ነገር የለውም።

ሰዓቱን በፈረንጅ ነው በኛ የምንናገረው?

ሁልጊዜ በኛ። ወረቀቱ ላይ 8:00 ኤኤም የሚል ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 8:00 ፒኤም ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩን ብቻ አንስቶ «በ8 ሰዓት ዋጥ» ያለ አስተርጓሚ ታማሚውን 6 ሰዓት አዘግይቶታል። ለልብ ወይም ለስኳር መድኃኒት ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

የስልክ ማንቂያ ሲሞላለትም እንደዚሁ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ 2:00 ሞልቶ «ሲጮህ ዋጥ» ብሎ ይሄዳል። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከተሞላ ግን ማንቂያው የሚጮኸው ከለሊቱ 8 ላይ ነው፣ ካልሆነም ከቀኑ 8 ላይ። ማንቂያ ስትሞሉ ስልኩ ያለበትን ሰዓት በግድግዳው ወይም በእጅ ሰዓት አመሳክሩ።

ሌላው «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» ናቸው። ልዩነታቸው አንዲት «የ» ናት፤ ገበያ ጩኸት ውስጥ ደግሞ አትሰማም። ይባስ ብሎ በየ8 ሰዓቱ ከሚውጥባቸው ጊዜያት አንዱ ራሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ይችላል። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን ለባለሙያው ተዉትና ለታማሚው ሰዓቶቹን ንገሩት።

አንድ መድኃኒት ወስዳችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታሳዩን?

ኮአርተምን እንውሰድ። ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ ቆላው ላይ ወባ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፣ መድኃኒቱንም ብዙ ቤት ያውቀዋል። እያንዳንዱ ፍሬ 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይዟል። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ይውጣል። ይህንን በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ያደርጋል፣ በጠቅላላው 24 ፍሬ። ከዚያ በታች ለሚመዝን ልጅ ፍሬው ይቀንሳል፣ 6 ጊዜነቱና ሰዓቱ ግን አይለወጥም።

እንበል አንድ አባት ከከሚሴ ዙሪያ መጥቷል። ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ ብዙ አይሰማም። 58 ኪሎ ይመዝናል። ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን 4 ፍሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እዚያው አውጦታል። ቀሪውን 20 ፍሬ ይዞ ይሄዳል። ፖስታው ላይ የተጻፈው «4×2 ለ3 ቀን» ነው።

ጽሑፉ በሒሳብ ልክ ነው። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ መወሰድ እንዳለበት ግን አይናገርም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ናቸው ጠዋትና ማታ የሚባሉት። አስተርጓሚው «ጠዋትና ማታ» ብሎ በአጭሩ ከነገረው አባትየው ዛሬ ጠዋት ስለዋጠ ቀጥሎ ራት በልቶ ሊተኛ ሲል ሊውጥ ይችላል። ወይም «ከነገ ጠዋት ጀምሮ» ብሎ ይረዳዋል። የመጀመሪያው ቀን ጥገኛው በደም ውስጥ በብዛት ያለበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው መጠን እንዲፈጥን የተደረገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይተረጎም፦

«ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 4 ፍሬ ውጠዋል። ዛሬ ማታ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ 4 ፍሬ ይውጣሉ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት 4 ፍሬ፣ ነገ ማታ 1 ሰዓት 4 ፍሬ። ከነገ ወዲያ ጠዋት 1 ሰዓት 4 ፍሬ፣ ማታ 1 ሰዓት 4 ፍሬ። ከነገ ወዲያ ማታ ካርቶኑ ባዶ ይሆናል።»

የመጀመሪያው መጠን ከሰዓት በኋላ 10 ላይ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። 8 ሰዓት ሲጨመር ከለሊቱ 6 ይሆናል። «ማታ ይውጡ» የተባለ ሰው ምሽት 2 ላይ ይውጣል፤ ይህ ገና 4 ሰዓቱ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ለሊት 6 ሰዓት ላይ ሰው ይቀስቅስዎት» ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት። የሚቀሰቅሰው ማን እንደሆነ እዚያው ይጠየቅ። በማግስቱ ጠዋትና ማታ ይቀጥላል።

«4×2»ን ገልብጦ «2 ፍሬ 4 ጊዜ» ያለ ሰውም ያጋጥማል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። በቀን የሚያልቀው ፍሬ በሁለቱም መንገድ 8 ነው። ካርቶኑ በሰዓቱ ባዶ ይሆናል። የቀረ ፍሬ በመቁጠር ስህተቱን ማግኘት አይቻልም ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት «አሁን ስንት ፍሬ ባንዴ ትውጣለህ?» ተብሎ ነው።

ቀጥሎ ምግቡ ይመጣል። ወረቀቱ ከምግብ ጋር ይወሰድ ይላል። ምክንያቱ ሆድ እንዳይታመም አይደለም። ሉሜፋንትሪን ቅባት ካላገኘ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ያንሳል። አስተርጓሚው ይህን ካላወቀ «ሆድህ እንዳይቃጠል ትንሽ ቅመስ» ይላል፣ ታማሚውም በደረቅ ቆሎ ወይም በሻይ ይውጠዋል። የሚነገረው «ቅባት ያለው ነገር» ተብሎ ነው። ወተት ካለ ወተት። ጾም ለያዘ ክርስቲያን ደግሞ ዘይት ያለበት ሽሮ ወይም ሌላ ዘይት የገባበት ወጥ። ወባ የያዘው ሰው ምግብ አይበላለትም፤ ግን ብዙ አያስፈልግም፣ ቅባት ይኑረው እንጂ።

ማስታወክም አለ። ከዋጠ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ካስታወከ ያንን 4 ፍሬ ደግሞ ይውጣል። ያኔ ግን ካርቶኑ በ4 ፍሬ ይጎድላል። ይህን ሳትነግሩት ከሸኛችሁት የመጨረሻው ቀን ማታ የሚውጠው አይኖረውም። «ካስታወክ ደግመህ ዋጥ፣ ከዚያ ጠዋት መጥተህ ምትኩን ውሰድ» የሚለው አብሮ ይተርጎም።

መጨረሻ ላይ ያለው መጨረስ ነው። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይበርዳል። ሰውም ተሽሎኛል ብሎ የቀረውን ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጣል፣ ወይም ለታመመ ጎረቤት ያካፍላል። «መድኃኒቱን ጨርስ» ብቻ ማለትም አያዋጣም፤ «ጨርስ» ቶሎ ጨርሰው ተብሎም ይሰማል። «ቢሻልህም እስከ ከነገ ወዲያ ማታ ትውጣለህ» የሚለው ይበልጣል።

ረመዳን ላይ ያለ ታማሚ ሰዓቱን ቢያዛውር አስተርጓሚው ምን ይበል?

አስተርጓሚ ሰዓቱን ከራሱ አንስቶ ወደ ፊጥርና ሱሁር አያዛውር። ብዙ ሰው ይህን ለደግነት ብሎ ያደርገዋል፣ ታማሚው ጾሙን እንዳያፈርስ። አንዳንድ መድኃኒት በቀን አንዴ ስለሆነ ችግር የለውም። ኮአርተም ላይ ግን የመጀመሪያው ቀን 8 ሰዓት ይበላሻል። ታማሚው እንደሚጾም ለባለሙያው ተናገሩ። ባለሙያው መድኃኒቱ መዛወር ይችል እንደሆነ ይናገራል። በሽተኛ መጾም አለበት የለበትም የሚለውን ደግሞ ሸኾቹ ይመልሱታል። አስተርጓሚ የሁለቱንም ቃል ያድርስ፣ በመሃል ግን ሦስተኛ ቃል አይጨምር።

«ውሰድ» ወይስ «ዋጥ»?

መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መንገድ ግሱ መናገር አለበት። «ይህን ውሰድ» ማለት ተሸክሞ መሄድም ነው። ሲተረጎም ደግሞ ሰው ፍሬ የሆነ ነገር ሁሉ የሚዋጥ ስለሚመስለው «ዋጥ» ብሎ ያልፈዋል። በማህፀን በኩል የሚገባ የክሎትሪማዞል ፍሬ በአፍ የሚዋጠው እንዲህ ነው። መልኩ ኪኒን ነውና ማንም አይጠራጠርም።

እዚህ ላይ ችግሩ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ሐፍረትም አለበት። እናት የ12 ዓመት ወንድ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ስትመጣ ልጁ ይህን ቃል አይናገረውም። «ማታ ተጠቀሚበት ብለዋል» ብሎ ያልፈዋል። እሷም ትውጠዋለች። ለሴት የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን ሴት አስተርጓሚ ፈልጉ። ግቢ ውስጥ ያለች የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን ቋንቋውን ካወቀች ከልጁ ትሻላለች። የሚነገረውም በግልጽ ነው፦ «በአፍ አይዋጥም። ማታ ተኝተሽ በማህፀን በኩል ይገባል።» «አይዋጥም» የሚለው መጀመሪያ ይምጣ።

«ሲያስፈልግ» የሚል መድኃኒት እንዴት ይተረጎማል?

«ሲያስፈልግ» ለብቻው ከተተረጎመ «በፈለግህ ጊዜ» ይሆናል። ፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ በዚህ ይሄዳል። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጤናማ አዋቂ ባንዴ 1 ወይም 2 ፍሬ ነው። በሁለት መዋጥ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ። በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ጉበት ይጎዳል። ጉዳቱ ደግሞ ያኔውኑ አይታይም፤ ሰውየው ቀን ሙሉ ደህና ነኝ ሊል ይችላል።

ስለዚህ አራት ነገር ይነገር፦ ምን ሲያመው፣ ባንዴ ስንት፣ ስንት ሰዓት ጠብቆ፣ እስከ ስንት። «ራስህን ሲያምህ ወይም ሲያተኩስህ 2 ፍሬ። ካልተሻለህ 4 ሰዓት ሳይሞላ አትድገም። ከዛሬ ጠዋት እስከ ነገ ጠዋት ከ8 ፍሬ አትለፍ።» ካልታመመ ምንም መዋጥ እንደሌለበትም ይነገረው። «መድኃኒት አይቋረጥም» የሚለውን ምክር የሰማ ሰው ይህንንም በየቀኑ ይውጠዋል። በየሱቁ የሚሸጠው የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለ ሌላ ምን እየወሰደ እንደሆነ ጠይቁት።

የማስጠንቀቂያ ቃላትን «ተጠንቀቅ» ብሎ መጠቅለል ይቻላል?

አይቻልም። ወረቀቱ ላይ የማስጠንቀቂያው ኃይል የተለያየ ነው። «አይወሰድም» አለ። «ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድም» አለ። «እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል» የሚልም አለ። አንደኛው ክልክል ነው። ሁለተኛው ጠይቅ ነው። ሦስተኛው ይህ ቢመጣ አትደንግጥ፣ ግን መኪና አትንዳ ማለት ነው። ሁሉንም «ተጠንቀቅ» ካልናቸው ክልክሉ ይላላል፣ ቀላሉም ሰው ያስፈራና መድኃኒቱን ያስጥላል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ሌላው ማስጠንቀቂያውን ወደ ሰውየው ኑሮ ማምጣት ነው። ሜትሮኒዳዞል «ከአልኮል ጋር አይወሰድም» ይላል። አልኮል ሲባል ብዙ ሰው ቢራና አረቄ ነው የሚመስለው። ጠላና ጠጅ የሚጠጣ ገበሬ «እኔ አልኮል አልጠጣም» ብሎ በሙሉ ልቡ ይመልሳል፤ አልዋሸም። ስለዚህ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ተብሎ በስም ይጠራ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን መቆየት እንዳለበት ይጨመር። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይተረጎም ይቀራል። መድኃኒቱ አርብ ያለቀለት ሰው ቅዳሜ ሠርግ ላይ ጠላ ቀምሶ ቢያስታውክ፣ ፊቱ ቢቀላና ልቡ ቢመታ ከምን እንደመጣ አያውቅም።

«ማሽን አታንቀሳቅስ» የሚለውም ለባጃጅ ሾፌር «ባጃጅ አትንዳ» ነው። ለወፍጮ ቤት ሠራተኛ «ወፍጮው ጋ አትጠጋ» ነው። ማሽን ስለሌለው ማስጠንቀቂያው አይመለከተኝም የሚል ሰው ብዙ ነው።

ሽሮፕ ላይ «5 ሚሊ» የሚለውን «አንድ ማንኪያ» ብንለው?

ተዉት። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ማንኪያ ወደ 5 ሚሊ ይይዛል፣ የሾርባው 15 ገደማ ነው። ለሕፃን ሦስት እጥፍ ሰጠነው ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ መለኪያ ካለ መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና «እስከዚህ» በሉ። ከሌለ መርፌ የሌለው ባለ 5 ሲሲ ስሪንጅ ስጡ። ቃል ሳይተረጎም ምልክቱ ብቻውን ይበቃል።

ጊዜው ያለፈበትን ቀን ስንተረጉም ምን እንጠንቀቅ?

ዓመተ ምሕረቱን። ካርቶን ላይ 03/2026 የተጻፈ የፈረንጅ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል ማለት ሲሆን በእኛ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ሰው ግን 2018 ላይ ሆኖ 2026ን ሲያይ ገና ስምንት ዓመት አለው ይላል። 03ንም ሦስተኛ ወር ብሎ ኅዳር ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት ላይ ይህ አዘውትሮ ይታያል።

ፖስታው ላይ የእኛን ወርና ዓመት በቃል ጻፉ፦ «እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ድረስ»። የተመረተበት ቀንም ከጎኑ ስለሚታተም የትኛው የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ሁለት ቀን ካለ የሚርቀው ማለቂያው ነው። ፍሬውን ከካርቶኑ አውጥታችሁ በፖስታ ስትሰጡ ቀኑ ከካርቶኑ ጋር ይቀራል፤ እሱን ፖስታው ላይ መጻፍ የናንተ ሥራ ነው።

ታማሚው በትክክል መረዳቱን በምን እናውቃለን?

«ገባዎት?» በማለት አይታወቅም። ወሎ ላይ አንድ አባት ሳይገባቸውም «ገብቶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ» ብለው ይመርቁና ይወጣሉ። ያስቸገሩ እንዳይመስላቸው ነው። ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስፈልጋል፦ «አባባ፣ ማታ ቤት ሲገቡ ልጆች እንዴት ነው የምትውጠው ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?» ጥያቄው እንደ ፈተና አይሰማም፣ ለልጆቹ ማስረዳት ነውና።

አስተርጓሚ ሲኖር ይህን በጥንቃቄ ማድረግ አለብን። ታማሚው በኦሮምኛ ሲመልስ አስተርጓሚው «አዎ ልክ ብሏል» ብሎ ያሳጥርላችኋል። አትቀበሉት። «ያሉትን እንዳሉት በአማርኛ ንገረኝ» በሉት። የምትጠብቁት ፍሬው ስንት እንደሆነ፣ ዛሬ የሚቀጥለው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያንን ብቻ አርሙና እንደገና ጠይቁ። ሁሉን ከመጀመሪያው መድገም የተያዘውንም ያስጠፋል።

እጅም ይረዳል። ካርቶኑን ለራሳቸው ስጧቸውና «የዛሬ ማታውን አውጥተው ያሳዩኝ» በሏቸው። 4 ፍሬ ቆጥረው ካወጡ ቋንቋው ሠርቷል። 2 ካወጡ «4×2» ተገልብጧል፤ ይህን ከመስኮቱ ሳይርቁ ታውቃላችሁ።

አስተርጓሚ ባይገኝስ? ስልክ ይሆናል?

ይሆናል። ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ሌላ ጤና ጣቢያ ካለ ድምፁን ላውድ ላይ አድርጉና ሦስታችሁም ስሙ። ቁጥር ሲጠራ በጣታችሁ ለታማሚው አሳዩት፤ ስልክ ላይ ቁጥር ቶሎ ይምታታል። ስልኩ ሳይዘጋ ከላይ ያልነውን ጥያቄ ባልደረባው ይጠይቅላችሁ። የታማሚው መድኃኒት ምን እንደሆነ ሱቁ ሙሉ ሰው እንዲሰማ ግን አይደረግም፤ ጥግ ፈልጉ።

ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ምን ይጻፍ?

ሥዕል። ፀሐይ ለጠዋት፣ ጨረቃ ለማታ። አንዳንድ የኮአርተም ካርቶን ይህን ራሱ ይዞ ይመጣል። ከፀሐይዋ ስር ፍሬውን በክብ ክብ ሳሉ፣ አራት ከሆነ አራት ክብ። ከዚህ በፊት ሥዕሉ ምን እንደሆነ በቋንቋቸው ይነገራቸው፤ ጨረቃዋን የሙዝ ሥዕል ነው ብሎ የሚያይም አለ። ለእያንዳንዱ ጊዜ የተለየ ፖስታ ቢሰጥ ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ አምስት ፖስታ፣ በእያንዳንዱ 4 ፍሬ፣ በቅደም ተከተል በላስቲክ የታሰረ። በውጭ በኩል በአማርኛ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የማለቂያ ቀኑ ይጻፍ፤ ታማሚው ባያነበውም የሚቀጥለው ጤና ኬላ ያነበዋል።